የጾም ሜኑን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ፦ ከመዝገበ ቃላት በፊት ወጥ ቤት

ደብረ ብርሃን ነው፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት። ወደ ጓሳ ጭላዳ ሊያዩ የሚሄዱ ሁለት የውጭ አገር ሴቶች አንድ ምግብ ቤት ገቡ። አንዷ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር አትበላም። ሜኑው ላይ ሽሮ የሚለውን አየች፣ አጠገቡ ቪጋን ይላል፣ አዘዘች። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። ሁለት ጉርሻ እንደበላች ቆም ብላ አሸተተችውና አስተናጋጁን ጠራች። ሽሮው ውስጥ ቅቤ ነበረበት።

ሜኑውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ወጥ ቤቷን የጎበኘሁት ረቡዕ ስለነበር ያየሁት የጾም ሽሮ ነው። ማክሰኞ ያው ሽሮ በዚያው ስም፣ በዚያው ዋጋ፣ በቅቤ እንደሚሠራ አልጠየቅኩም። እኛ ስለለመድነው አይታወቀንም እንጂ ሽሮ የሚለው ስም እንደ ቀኑ ሁለት የተለያዩ ምግቦችን ይይዛል። ለባዕድ ሰው ያንን መንገር የተርጓሚው ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። የማተኩረው በጾም ምግቦችና በወጦች ላይ ነው፣ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚያ ስለሆነ።

1. ሁለት ቀን ወጥ ቤት ግቡ

አንዱ ቀን የጾም ቀን ይሁን፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ። ሌላው የፍስክ ቀን። ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ተዉትና ጠዋት ቁሌቱ ሲጣድ ሂዱ። ባለቤቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ አያውቅም። ወጥ ሠሪዋን ጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ምግብ አራት ነገር እጠይቃለሁ። እህሉ ምንድን ነው? የሚሠራው በዘይት ነው በቅቤ? በርበሬ ወይም ቃሪያ አለበት? ከምን ጋር ይቀርባል? ቀላል ይመስላሉ። ሽሮን ይዘን ብንሄድባቸው ግን ምን ያህል እንደሚያወጡ ይታያል።

«እትዬ፣ ሽሮው የምን ነው?» አልኳቸው ያን ሜኑ ላስተካክል ስመለስ።

«ምጥን ነው ልጄ። አተርና ሽምብራ። ባቄላ ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ።»

ባቄላዋን ባልጠይቅ ኖሮ አላውቃትም ነበር። በመጀመሪያው ትርጉም የቺክፒ ዱቄት ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ የሽምብራ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ ሽሮ ብዙ ጊዜ በሽምብራ ስለሚገለጽ ነው። ሰሜን ሸዋ ደጋው ግን የባቄላና የአተር አገር ነው፣ ሽሮውም እንደ ቤቱ ይለያያል። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በዘር በሚተላለፍ የኢንዛይም እጥረት ምክንያት ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ፋቫ ቢን የሚል ቃል ሜኑ ላይ ካዩ ይተዉታል። ካላዩ ይበሉታል።

ቀጠልኩ። «ቅቤ ይገባበታል?»

«በፍስክ አዎ። በጾም በዘይት።»

«ቅቤው የላም ነው ወይስ የአትክልት?»

ይሄን ጥያቄ አትዝለሉት። አንዳንድ ወጥ ቤት የታሸገ የአትክልት ስብን ቅቤ ብሎ ነው የሚጠራው፤ እሱ ከሆነ ወተት ለማይስማማው ሰው መልሱ ይለወጣል። እዚህኛው ቤት ግን የሸኖ ቅቤ ነበር፣ በኮረሪማና በአብሽ የተነጠረ። ይህ እንግሊዝኛው ላይ በተር ብቻ ከተባለ ዳቦ ላይ የሚቀባው ይመስላል። ስፓይስድ ክላሪፋይድ በተር በሉት፣ በቅመም የተነጠረ ቅቤ ማለት ነው።

ከአራቱ ውጭ አንድ ጥያቄ ደግሞ ያነሳሁት ቆሜ ሳይ ነው። ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተጥዷል፣ አንዱ የጾም አንዱ የቅቤ። ጭልፋው ግን አንድ ነው። ለሚጾም ሰውም ነውር ነው፣ ወተት ለሚያሳክከው ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ሁለተኛ ጭልፋ ተገዛ። ጭልፋው ባይገዛ ኖሮ ቪጋን የሚለውን ቃል አልጽፍም ነበር።

2. ጾም ለሚለው ቃል አንድ ቃል አትፈልጉ

በየመንገዱ የማየው ትርጉም ፋስቲንግ ፉድ ነው። አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ፋስት ፉድ ተብሎ አይቻለሁ፣ እሱማ በርገርና ቺፕስ ነው። ፋስቲንግ ማለት ደግሞ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ምግብ አለመብላት ነው፣ ስለዚህ ፋስቲንግ ፉድ ሲል ሰውዬው የማይበላ ምግብ እንዳዘዝነው ይደነግጣል። እኛ ጾም ስንል ሁለቱንም ነው፣ የማንበላበትን ሰዓትም የማንበላውን ዓይነትም። ሜኑ ላይ የምንፈልገው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ለርዕስ የምጠቀመው ቪጋን የሚለውን ነው፣ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ። በአማርኛ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በረጅሞቹ አጽዋማት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም፣ እነዚህ ምግቦች በዚያ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። ይህች ዓረፍተ ነገር ሌላ ጥያቄም ትመልሳለች። እንግዳው ዓርብ ቀን ጥብስ አዝዞ የለም ሲባል ለምን እንደሆነ ይገባዋል። የሁዳዴን ቀን ግን በቁጥር አታትሙ። 55 ቀኑ ከፋሲካ ጋር ወደፊትና ወደኋላ ስለሚሄድ የዘንድሮው ለከርሞ ውሸት ይሆናል። ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ይህን ሜኑ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም፣ አስተናጋጁ ማወቁ ይበቃል።

ጾምና ቪጋን የማይገጥሙበት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ዓሣ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ ምግብ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ከጾም ምግብ ጋር ይደረድሩታል። ቪጋን ከሚለው ርዕስ ሥር ግን መግባት የለበትም። ለብቻው ርዕስ ስጡት። ሌላው ማር ነው። ብርዝ ለኛ የጾም መጠጥ ነው፣ ቪጋን የሆነ ሰው ግን ማርን ከንብ የተወሰደ ብሎ ይተወዋል። ብርዝ ስትጽፉ ሃኒ የሚለው ቃል ይግባበት።

የሽሮውን ነገር የጨረስነው ሁለት መስመር በማድረግ ነው። አንዱ የጾም ሽሮ፣ ሁልጊዜ በዘይት፣ በማንኛውም ቀን የሚታዘዝ። ሌላው ሽሮ በቅቤ፣ ቬጀቴሪያን የሚል ምልክት ያለው። ቬጀቴሪያን ሥጋ አይበላም እንጂ ቅቤ ይበላል፣ ቪጋን ግን ሁለቱንም ይተዋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስተናጋጅ ብዙ ነው፣ ንገሩት። ቦዘና ሽሮ ደግሞ ሥጋ አለበት። ሽሮ የሚል ስም ስለያዘ ብቻ ከአትክልት ጋር ተቀምጦ አይቻለሁ፣ ወደ ሥጋ ምግቦች አውጡት።

3. ቅመም እና ማቃጠል ሁለት ቃል ናቸው

እንግሊዝኛው ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው ይሄ ነው። እኛ ቅመም ያለው ስንል ኮረሪማም፣ እርድም፣ ዝንጅብልም ይሆናል። ስፓይሲ ሲባል ግን እንግዳው የሚሰማው የሚያቃጥል የሚለውን ነው። አልጫን ስፓይሲ ብላችሁ ከጻፋችሁ በርበሬ የሚፈራው ሰው ሳይቀምሰው ያልፈዋል፣ ለሱ የሚሆነው እሱ ሆኖ ሳለ። ቅመም ላለው ስፓይስድ፣ ለሚያቃጥለው ስፓይሲ በሉ። ሆት የሚለውን ተዉት፣ ትኩስ ማለትም ስለሚሆን።

አልጫን ማይልድ ከማለታችሁ በፊት ግን ወደ ወጥ ሠሪዋ ተመለሱ። ብዙ ቤት አልጫው ላይ ቃሪያ ተሰንጥቆ ይጣልበታል። ለኛ ያ ጌጥ ነው። ፍሬው ወጡ ውስጥ ከወረደ ግን ላልለመደው ሰው ማይልድ አይደለም። ማይልድ ብላችሁ፣ ቃሪያው ከላይ እንደሚቀመጥ ጨምሩበት።

በርበሬን ፔፐር አትበሉት፣ ፔፐር ብዙ ጊዜ ቁንዶ በርበሬን ያስታውሳል። ፓፕሪካም አትበሉት፣ ቀለሙ ይመስላል እንጂ የተለመደው ፓፕሪካ አያቃጥልም። በርበሬ የሚለውን ስም እንዳለ ጻፉትና ሜኑው መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አስረዱት፦ የደረቀ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተፈጭቶ የተዘጋጀ። አዝሙድ ላይም ተጠንቀቁ። መዝገበ ቃላት ኩሚን ይላችኋል፣ ያ ግን ከሙን የምንለው ነው። ነጭ አዝሙድ አጁዋይን ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ናይጄላ።

ወጥ የሚለውን ቃል ስቲው እለዋለሁ፣ ከአማርኛ ስሙ ጋር። እዚህ ላይ የፊደል ነገር አለ። በላቲን ሲጻፍ ደብልዩ፣ ኢ፣ ቲ ከሆነ እንግሊዝኛ አንባቢ የሚያነበው እርጥብ የሚል ቃል ነው። ዶሮ እርጥብ፣ ምስር እርጥብ። መካከለኛውን ፊደል ኦ አድርጉት፣ ችግሩ ያልቃል። አንድ ጊዜ የመረጣችሁትን ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠብቁ፣ አንዱ ገጽ ላይ በኦ ሌላው ላይ በኢ ከሆነ እንግዳው ሁለት ምግብ ይመስለዋል።

ቀይ ወጥን ሬድ ስቲው ብሎ መተው ቀለም መናገር ብቻ ነው። የምን ሥጋ ነው? መንዝ አካባቢ በግ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታ በሬ። ይጻፍ። ከዚያ ደግሞ ወጣችንን ከሌላው አገር ስቲው የሚለየው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ ደቆ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ድስት ላይ እየታሸ፣ እስኪጠፋ ድረስ ይቁላላል። ስሎው ኩክድ አንየንስ የሚሉ ሦስት ቃላት ይህን ያደርሱልናል፣ ቀስ ብሎ የበሰለ ሽንኩርት። ዶሮ ወጥ ላይ እነዚህ ቃላት ከሌሉ መግለጫው ጎደሎ ነው። እንቁላሉንም አትርሱ፣ እንቁላል የማይስማማው ሰው ዶሮ ወጥ ሲያዝ እንቁላል ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅም።

4. ስማቸው የሚያታልል ምግቦች

የሽምብራ ዓሣ ውስጥ ዓሣ የለም። ሊጡ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባ የሽምብራ ዱቄት ነው። ቃል በቃል ከተረጎማችሁት ዓሣ የማይበላው ይሸሸዋል፣ ዓሣ ያማረው አዝዞ ያዝናል። ዓሣ ቅርጽ ያለው የሽምብራ ቂጣ በበርበሬ ወጥ ብላችሁ ግለጹት። ሁዳዴ ላይ ይህን አንድ ሰው በደስታ ሲበላ ማየት ያስደስተኛል፣ ከጾም ምግቦቻችን ሁሉ ለእንግዳ የሚያወራለትን ነገር የሚሰጠው እሱ ነው።

ጎመን ካቤጅ አይደለም። ካቤጅ ጥቅል ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚቀርበው ኮላርድ ግሪንስ ሲባል ነው። ጎመን በሥጋ የሚለው ደግሞ ሥጋ ስላለበት ከጾሙ መስመር ይወጣል።

ስልጆ ላይ ቆም በሉ። የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ነው፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት እንዲብላላ የሚቀመጥ። ብዙ ሰው ሳወር ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሜኑ ላይ ሲነበብ ግን የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ታንጊ በሉት፣ ደስ የሚል ኮምጣጣነትን ይናገራል። ፈርመንትድ የሚለውንም ጨምሩ፣ ዛሬ ብዙ እንግዳ ያንን ቃል ይወደዋል። ቀዝቃዛ እንደሚቀርብም ንገሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስታርድ የሚለው ቃል ይግባ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ውስጥ ካሉ መገለጽ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች አንዱ ሰናፍጭ ነው፣ ከዚያ የመጣ እንግዳ ሜኑ ላይ መፈለግ ለምዷል። አዚፋ ላይም ሰናፍጭ አለ። ሱፍን በተመለከተ ወጥ ሠሪዋ የሐበሻ ሱፍ ነው ካለች ሳፍላወር፣ የፈረንጅ ሱፍ ከሆነ ሰንፍላወር።

5. በያይነቱን በአንድ መስመር አትጨርሱት

በያይነቱ ሚክስድ ቬጀቴብልስ ተብሎ ሲቀርብ እንግዳው የተቀቀለ ካሮትና ፎሶሊያ ይጠብቃል። የሚመጣለት ግን አንድ ትልቅ እንጀራ ነው፣ ላዩ በወጥ የተሞላ። ስለዚህ መጀመሪያ አቀራረቡን፣ ከዚያ በላዩ ያለውን።

ለዚያ ደብረ ብርሃን ላለው ቤት የጻፍነው በአማርኛ ብመልሰው እንዲህ ነው፦ «በያይነቱ። እንጀራ ላይ የሚቀርቡ ስድስት ትንንሽ ምግቦች፣ ለአንድ ሰው። የሚያቃጥሉ፦ ምስር ወጥ በበርበሬ፣ ሽሮ። የማያቃጥሉ፦ አተር ክክ አልጫ በእርድ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ከካሮትና ድንች ጋር። ቀዝቃዛ፦ የቀይ ሥር ሰላጣ። ቪጋን። ባቄላ አለበት። በእጅ ይበላል፣ ሹካ ከፈለጉ ይጠይቁ።»

ሲደረደር በማቃጠሉ መሆኑን ልብ በሉ። ወጥ ሠሪዋ የምትደረድረው በቀለም ነው፣ እንግዳው የሚፈልገው ግን የትኛው አፉን እንደሚያቃጥለው ነው። ስድስት የሚለውን ቁጥር ስጽፍ ባለቤቱ ተቃወመ፣ ገበያው ላይ ያልተገኘ ነገር ቢኖር ብሎ። ትክክል ነበር። ቁጥሩን አውጥተን እንደ ቀኑ ሊለወጥ ይችላል የሚል ጨመርን።

በእንግሊዝኛ የምስሩ መስመር ብቻውን ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ «ምስር ወጥ። ስፓይሲ ሬድ ለንትል ስቲው ዊዝ ስሎው ኩክድ አንየንስ፣ ጋርሊክ ኤንድ በርበሬ። ቪጋን።» ቅደም ተከተሉን ያዙት፦ የራሱ ስም፣ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ፣ ዋናው እህል፣ ጣዕም የሚሰጡት ሁለት ሦስት ነገሮች፣ ምልክቱ። ከዚህ ከረዘመ የተራበ ሰው አያነበውም። ጣፋጭ፣ ምርጥ፣ ባህላዊ የሚሉ ቃላትን አላስገባም። ቦታ ይይዛሉ እንጂ ምስሩ ያቃጥል እንደሆነ አይናገሩም።

6. እንጀራው

እንጀራ ከጤፍ ነው፣ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም ብለው ብዙ ድረ ገጾች ስለጻፉ ስንዴ የማይስማማው እንግዳ ደስ ብሎት ይመጣል። በደጋው ሰሜን ሸዋ ግን ጤፍ ሩቅ ነው፣ ገብስ ቅርብ። እንጀራው በገብስ ወይም በስንዴ ሊደባለቅ ይችላል፣ ሁለቱም ግሉተን አላቸው። ጋጋሪዋ ድብልቅ ነው ካለች ግሉተን ፍሪ የሚለው ቃል ሜኑው ላይ አይግባ። ቲፍ ኤንድ ባርሊ ተብሎ ይጻፍ፣ ጤፍና ገብስ። ንጹሕ ጤፍ ነው ብትልም እርሾው ከየት እንደመጣና ምጣዱ ላይ ሌላ ምን እንደሚጋገር ጠይቁ። ግሉተን አንጀቱን ለሚጎዳው የሴሊያክ ሕመምተኛ ትንሽ የገብስ ቅሪት ለመታመም ይበቃዋል። ቅንጬና በሶም እንደዚያው ናቸው፣ የገብስ ወይም የስንዴ መሆናቸው ይጻፍ። ቅንጬው በፍስክ ቀን በቅቤ እንደሚለወስም እንዲሁ።

7. ከማሳተማችሁ በፊት

ሰዓቱን አስተካክሉ። ምሳ ከ6 እስከ 9 ሰዓት የሚለው እንግሊዝኛው ላይ ከ12 እስከ 3 ነው። ይህ ሳይስተካከል ታትሞ ጠዋት በ12 ሰዓት በራችን ላይ የቆመ ቱሪስት አጋጥሞናል።

ከዚያ ሜኑውን ምግቡን ለማያውቅ፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ስጡ። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ ምን ይመጣልኛል ብሎ እንደሚጠብቅ በአማርኛ ይንገራችሁ። ሽሮን ሾርባ ነው ካለ ቲክ የሚለው ቃል ጎድሏል፣ ወፍራም መሆኑ አልተነገረውም። ፍርፍርን ሰላጣ ነው ካለ እንጀራው በወጥ መራሱ አልተጻፈም። እኔ ይህን የማደርገው የሌላ አገር ምግብ ብዙ ከቀመሰች የእህቴ ልጅ ጋር ነው። የጎደለውን ሁልጊዜ ታገኘዋለች።

በመጨረሻ አስተናጋጆቹን ሰብስባችሁ ምልክቶቹን አስረዱ፣ እትዬንም ጥሩ። የሽሮው ምጥን ሲቀየር፣ ዘይት አልቆ በሌላ ሲተካ፣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የዚያ ቤት ወጥ ሠሪ አሁን ምጥን በተፈጨ ቁጥር ይደውሉልኛል። ባለፈው ሳምንት የደወሉት ባቄላውን እንደተዉት ለመንገር ነበር፣ እኔም ያንን መስመር ከሜኑው አወጣሁት።